አባዬ፣ ሳልወስን ላማክርህ

ልጅ ለአባቱ «ሥራ ልለቅ ነው፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጽፍ ምክር የጠየቀ ይመስለዋል። አባት ግን መልእክቱን የሚያነበው እንደ ማስታወቂያ ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ የመጣ ስለሚመስለው ወይ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ይላል፣ ወይ «ተው ልጄ» ይላል። ሁለቱም ከልብ የወጡ ቃላት ናቸው። ለልጁ ግን የጎደለውን አይሞሉለትም፤ የሚፈልገው አባቱ ያየውንና ያሳለፈውን ነበርና።

ድሮ እንዲህ ያለው ምክክር ፊት ለፊት ነበር የሚደረገው። ልጅ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ከወዲህ ወዲያ ሲል ይቆይና ሲመሽ ዋናው ጉዳይ ይነሳል። ዛሬ ልጅ አዲስ አበባ፣ አባት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ወይም ልጅ ሪያድ፣ አጎት ኮምቦልቻ ነው። ትልቁ ጉዳይ የሚነሳው በቴሌግራም ወይም በኢሞ ሆኗል። በአካል ሲሆን ፊት፣ ድምፅና ዝምታ ያግዙ ነበር። መልእክት ላይ እነዚህ ስለሌሉ የእነሱን ሥራ የሚሠሩት የተጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። ለአባት ወይም ለታላቅ ዘመድ የሚላክ የምክር ጥያቄ ጥቂት ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ምን እየጠየቅክ እንደሆነ እወቅ

ልጆች ወደ አባት የሚሄዱት ለአራት የተለያዩ ነገሮች ነው፤ ለምክር፣ ለፈቃድ፣ ለምርቃት እና ለገንዘብ። ብዙ መልእክት የሚበላሸው አራቱ ሲደባለቁ ነው። የወሰነ ሰው የሚያስፈልገው ምርቃት ነው፤ «ወስኛለሁ፣ መርቀኝ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ያስከብረዋል። ያልወሰነ ሰው ደግሞ አለመወሰኑን መናገር አለበት።

ገንዘብና ምክር በአንድ መልእክት ከመጡ ምክሩ ይጠፋል። አባት «ሱቅ ልከፍት ነው፣ ምን ትመክረኛለህ? 200 ሺህ ብር ጎድሎኛል» የሚል ቢደርሰው ሐሳቡ ሁሉ ወደ 200 ሺሁ ይሄዳል። ከሌለው ማፈሩን ለመሸፈን ሥራውን ያጣጥላል፣ ካለው ደግሞ ልጁን ላለማሳዘን ስጋቱን ይውጣል። ስለዚህ ገንዘብ የማትጠይቅ ከሆነ ይህንኑ ጻፈው። የምትጠይቅ ከሆነም ምክሩን ተቀብለህ ከጨረስክ በኋላ በሌላ ቀን አንሳው።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ28 ዓመት ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት 5 ዓመት ሠርቷል። ጓደኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አብረው እንዲከፍቱ ጠይቆታል። አባቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ይኖራሉ። ልጁ በስስት ስላደገ በቤታቸው አባቱን «አንተ» ነው የሚለው። የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«አባ ሰላም ነው? ከባድ ነገር ላማክርህ ነበር። ሥራ ልለቅ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሱቅ ልንከፍት አስበናል። ምን ትላለህ?»

ይህ መልእክት ምንም ስድብ የለበትም፣ ግን አራት ቦታ ላይ ይሰናከላል። «ከባድ ነገር» የሚለው አባትን ያስደነግጣል። እኛ አገር መርዶ ተድበስብሶ ነው የሚነገረው፤ በማታ የመጣ አጭር መልእክት ወይም ባዶ «ደውልልኝ» ገና ሳይነበብ «ማን ሞተ?» ያሰኛል። «ልለቅ ነው» የሚለው ደግሞ ነገሩ እንዳለቀ ይናገራል። የገንዘቡ መጠንና ቀኑ አለመጠቀሱ ለአባት የሚመዝነው ነገር አይሰጠውም። በመጨረሻም «ምን ትላለህ?» እጅግ ሰፊ ጥያቄ ስለሆነ በተለይ በስልክ ለመጻፍ ለማይፈጥን ሰው መነሻ የለውም።

ልጁ ቁጭ ብሎ እንደገና ጻፈው እንበል፦

«አባዬ እንዴት ዋልክ? ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ገና ያልወሰንኩት አንድ ጉዳይ ስላለ ላማክርህ ብዬ ነው። ሲመችህ ረጋ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ይዤው የመጣሁትን ጓደኛዬን ታስታውሰዋለህ። አያት አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አብረን እንክፈት ብሎኛል። እሱ በዚሁ ሥራ ተቀጥሮ 6 ዓመት ስለሠራ ዕቃ አምጪዎቹን ያውቃል። እኩል 500 ሺህ፣ 500 ሺህ ብር እናዋጣለን። የሱቁ ኪራይ በወር 35 ሺህ ነው፤ አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብሏል። እስከ ጥቅምት 25 መልስ ይፈልጋል።

እኔ ያጠራቀምኩት 650 ሺህ ነው። 500ውን ካወጣሁ 150 ሺህ ይተርፈኛል። ለእህቴ የምልከውን 4 ሺህ ጨምሮ የወር ወጪዬ 20 ሺህ ስለሆነ ሱቁ ምንም ባያስገባ 7 ወር ያኖረኛል። ደመወዜ ግን ይቋረጣል።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ መክፈቱ ያዘነብላል። የሚያስፈራኝ ጓደኝነታችን በገንዘብ እንዳይበላሽ ነው።

ካንተ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ልጁን ቤት ሲመጣ እንዴት አየኸው? ሁለተኛ፣ አንተና አጎቴ እህል ትነግዱ በነበረ ጊዜ ለምን እንደተለያያችሁ፣ መንገሩ ካልከበደህ፣ ብታጫውተኝ።

ገንዘብ እንድትሰጠኝ አይደለም፣ ሐሳብህን ፈልጌ ነው። እስከ ጥቅምት 20 ብትነግረኝ ይደርስልኛል። መጻፉ ከሰለቸህ በድምፅ ላክልኝ፣ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልደውልልህ። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ አንተ ብትነግራት ደስ ይለኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅህ።»

ይህ መልእክት ለምን ይሠራል?

ሰላምታው አጭር ነው፣ ግን የዚያ ቤት ሰላምታ ነው። ጉልበቱን የሚያመው አባት ስለ ጉልበቱ ሲጠየቅ ልጁ እንደሚያስታውሰው ያውቃል። ወዲያው «የሚያስደነግጥ ነገር የለም» ሲለው ደግሞ በተረጋጋ ልብ ያነባል። ገና ያልተወሰነ መሆኑ በመጀመሪያው አንቀጽ መገኘቱ ትልቁ አክብሮት ነው፤ ቃልህ ገና ዋጋ አለው ማለት ነውና።

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። የሚወጣው ገንዘብ፣ የሚቀረው ገንዘብ፣ ያ ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያኖር እና ቀኑ ብቻ ናቸው። የትርፍ ስሌት፣ የዕቃ ዋጋ ዝርዝር፣ የንግድ ዕቅድ አልገባም። እነዚህን በዚያው ንግድ ላይ ያለ ሰው ቢጠየቅ ይሻላል። አባት የሚመዝነው ነገሩ ቢከሽፍ ልጁ ምን ላይ እንደሚወድቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ «7 ወር» የሚለው ቁጥር ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል።

ዋናው ነገር ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ አባቱን የጠየቀው አባቱ የሚያውቀውን ነው። መምህር የነበሩ ሰው የኤሌክትሪክ ገመድ ገበያ ምን እንደሚመስል ቢጠየቁ ግምት ነው የሚሰጡት። ሰው ማየት ግን ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ልጆችን ሲያዩ ኖረዋል። ከወንድማቸው ጋር ነግደው መለያየታቸውም ማንም ያልነገረው፣ እሳቸው ብቻ ያላቸው እውቀት ነው። ታላላቆቻችን «ምን ላድርግ?» ሲባሉ ከሚሰጡት መልስ ይልቅ «አንተን ምን ገጥሞህ ነበር?» ሲባሉ የሚያወጡት ታሪክ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይመክራል። ይህ ቁስል ሊሆን ስለሚችል «መንገሩ ካልከበደህ» የሚለው ሐረግ ከሰላምታው የማያንስ ትሕትና ነው።

ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል መናገሩም ይጠቅማል። አንዳንዱ ሰው ገለልተኛ ለመምሰል ይህን ይደብቃል። አባት ደግሞ ልጁ ምን እንደሚፈልግ ለመገመት ሲጨነቅ ይቆይና የተሳሳተውን ይገምታል። ምኞትንም ስጋትንም በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይበቃል።

ቀኑ ደግሞ ለሁለቱም እፎይታ ነው። አከራዩ የቆረጠው ጥቅምት 25 ነው፣ ልጁ የጠየቀው ጥቅምት 20 ነው። በመካከል ያሉት 5 ቀናት ምክሩን ለማሰላሰልና ሌላ ሰው ለመጠየቅ ናቸው። ቀን ያልተጠቀሰበት መልእክት «አስብበታለሁ» ተብሎ ይቀራል፤ «ዛሬውኑ ንገረኝ» የሚል መልእክት ደግሞ አባትን ጫና ውስጥ ይከታል።

አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ

በመልእክት ላይ አባትን እንደ ቤቱ ልማድ መጥራት ይሻላል። በብዙ የከተማ ቤት አባት «አንተ» ነው፤ «አባዬ» ወይም «አባ» ሲባል ፍቅሩም አክብሮቱም እዚያው ውስጥ አለ። በሌሎች ቤቶች ደግሞ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እንጂ ሌላ አይታሰብም። ሁልጊዜ «አንተ» የሚባል አባት ድንገት «እንዴት ዋሉ?» ተብሎ ቢጻፍለት ልጁ ተቀይሞ ወይም ሌላ ሰው ጽፎለት ሊመስለው ይችላል።

ለታላቅ አጎት፣ ለክርስትና አባት፣ ለአክስት ባል ሲሆን «እርስዎ» ይበዛል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ወጥነቱ ነው። ሰው ሲጣደፍ «ላማክርዎ ፈልጌ ነበር» ብሎ ይጀምርና «እስከ እሑድ ንገረኝ» ብሎ ይጨርሳል። በንግግር ይህ ያልፋል፤ በጽሑፍ ግን ተመልሶ ይነበባል። ስለዚህ መልእክቱን ከመላክህ በፊት ግሶቹንና ተውላጠ ስሞቹን ብቻ እያየህ አንድ ጊዜ አንብበው። «ታስታውሰዋለህ» የነበረው «ያስታውሱታል»፣ «ብታጫውተኝ» የነበረው «ቢያጫውቱኝ»፣ «ልደውልልህ» የነበረው «ልደውልልዎ» መሆኑን አረጋግጥ። ከእነዚህ ሌላ ምንም መለወጥ አያስፈልግም። የማመልከቻ ቋንቋ፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚል መዝጊያ በዘመድ መካከል ያራርቃል።

ፊደሉም ጉዳይ ነው። ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደዋል። እርስ በርስ ያግባባቸዋል፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው አባት ግን እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብሎ እያነበነበ ነው የሚፈታው፤ ግማሹን ይሳሳታል። ለትልቅ ጉዳይ በግዕዝ ፊደል ጻፍ። ደግሞም አንድ ላይ ላከው። አሥር ቦታ የተቆራረጠ መልእክት ስልኩን አሥር ጊዜ ያስጮኸዋል፤ አባት የመጀመሪያውን አይቶ መልስ ሲጀምር ዋናው ጥያቄ ገና አልደረሰም። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ መላክማ ምክሩን ስብሰባ ያደርገዋል።

የሚያነብለት ሌላ ሰው ሲሆን

ብዙ አባቶች ማንበብ አይችሉም፣ ወይም ዓይናቸው ደክሟል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ ሴቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። የ2 ዓመት ውሏ ሊያልቅ የቀረባት ልጅ «ውሉን ላድስ ወይስ ልመለስ?» ብላ አባቷን ልታማክር ስትፈልግ ስልኩ ያለው ታናሽ ወንድሟ እጅ ላይ ነው። መልእክቱን የሚያነበው ወይም ድምፁን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ምናልባትም ጎረቤት ባለበት።

እዚህ ላይ ሁለት መልእክት መላክ ይበጃል። አንደኛው ለወንድሟ ነው፦ «ይህን ለአባባ ብቻውን ሲሆን አሰማው፤ ሲጨርስ መልሱን በድምፅ ቅዳልኝ።» ሁለተኛው ለአባቷ በድምፅ የሚላከው ነው። ድምፅ ተመልሶ ለመስማት አስቸጋሪ ስለሆነ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጥያቄውም መጀመሪያ ላይ ቢነገርና መጨረሻ ላይ ቢደገም ጥሩ ነው። በአሠሪዋ ቤት የሚደርስባት በደል ካለ ግን ወንድሟ መስማት የሌለበት ሊሆን ይችላል። ያ ለቀጥታ ስልክ ይቆይ።

ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ፣ ቀኑንም እንዲሁ ማድረግ አለመግባባትን ያስቀራል። «እሑድ በ4» ሲባል አባት የሚረዳው ከረፋዱ 4 ሰዓትን ነው፤ ልጁ ያሰበው የፈረንጁን 4 ከሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። «እሑድ ረፋድ፣ ባንተ 4 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

መልሱ ሲመጣ

መልእክቱ ተነቦ መልስ ካልመጣ አትቸኩል። በቴሌግራም ሁለቱ ምልክቶች መታየታቸው ተከፍቷል ማለት ብቻ ነው። አባት ምናልባት ለእናት እየነገረ፣ ምናልባትም ወንድሙን ሊጠይቅ እያሰበ ነው። የተባለው ቀን ሲደርስ «አባዬ፣ ያልኩህን አየኸው? እሑድ ልደውል?» ማለት ነውር የለውም።

በምሳሌያችን አባት የ4 ደቂቃ ድምፅ ይልካል እንበል። ስለ ጓደኛው «ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ይሸሽ ነበር» ይላል። ስለ እህሉ ንግድ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ያወጣል፦ ከወንድሙ ጋር የተጣሉት ከስረው አልነበረም። ማን መቼ ከካዝናው እንደሚያወጣ ሳይነጋገሩ ስለጀመሩ ነው። አንዱ ለልጁ ሠርግ አወጣ፣ ሌላው ዝም አለ፣ ዝምታው ቂም ሆነ። ከዚያም «ስትጀምሩ እንዴት እንደምትለያዩ ጻፉ። ሥራህንም ወዲያው አትልቀቅ፤ የዓመት ፈቃድህን ወስደህ ተመሳሳይ ሱቅ ውስጥ ቁጭ በል» ይላል።

ይህ ምክር «እሺ» ወይም «እምቢ» አይልም። ልጁ ያላሰበውን አንድ ክፍተት ያሳየዋል፤ የሚሞክርበትን መንገድም ይሰጠዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከ16 የሥራ ቀን አያንስም፣ በየ2 ዓመቱም ይጨምራል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ደግሞ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ይሰጣል። ልጁ ፈቃዱን ለመፈተሻ ሊጠቀምበት የሚችለው መልቀቂያውን ሳያስገባ ስለጠየቀ ነው። ደብዳቤው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያው ምክር ቁጭት ብቻ ይሆን ነበር።

ምክሩን ተቀብለህ ሌላ ብትወስንስ? ያጋጥማል፤ አባትም ይህን ያውቃል። የሚከፋው ቃሉ አለመፈጸሙ ሳይሆን ውሳኔውን ከሌላ ሰው መስማቱ ነው። ስለዚህ በወሰንክ ቀን ጻፍለት፦ «አባዬ፣ ያልከኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። የመለያያውን ነገር ባልከው መሠረት ውል ውስጥ አስገብተነዋል። ፈቃድ ወስጄ ልሞክር ያልከውን ግን አከራዩ ስላልጠበቀኝ አልቻልኩም። ቅር እንዳይልህ። መርቀኝ።» ምን እንደወሰድክ፣ ምን እንደተውክ፣ ለምን እንደተውክ በስም መጥቀስ ከሦስት አንቀጽ ምስጋና ይበልጣል። ምርቃቱን የምትጠይቀው አሁን ነው።

በዚህ መንገድ የማይሄድ ጉዳይም አለ። ጋብቻ የሽማግሌ ነገር ስላለው፣ የቤተሰብ መሬት ወይም ቤት የወንድም እህትን መብት ስለሚነካ፣ ከባድ ሕመም ደግሞ በጽሑፍ ስለሚያስደነግጥ መልእክቱ «ልመጣ ነው፣ ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ጉዳይ አለ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ከሚለው ባያልፍ ይሻላል። ለተቀረው ግን፣ ለሥራ ለውጥ፣ ለትምህርት፣ ለስደት፣ ለቤት ግዢ፣ ስልኩ በእጅህ ነው። ውሉን ከመፈረምህ፣ ቀብድ ከመክፈልህ፣ መልቀቂያውን ከማስገባትህ በፊት ጻፍለት። ፊርማው ካረፈ በኋላ አባት የሚሰጥህ ምርቃት ብቻ ነው።